ሁለት ሕዝቦች፣ አንድ ድንበር፣ አራት መንደሮች

ማላዊንና ዛምቢያን የሚለየው ድንበር በአብዛኛው አጥርም ዘበኛም የለውም። የዝናቡ ውኃ በአንድ ወገን ወደ ማላዊ ሐይቅ፣ በሌላው ወገን ወደ ሉዋንግዋ ወንዝ የሚወርድበትን የኮረብታ ራስ ይዞ ይሄዳል። ከመስመሩ በስተምሥራቅም በስተምዕራብም ቼዋዎች አሉ፤ ቱምቡካዎችም አሉ። ቋንቋቸው፣ ጭፈራቸው፣ የጋብቻ ወጋቸው ድንበሩን በመሻገር አይለወጥም። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው። ጥናቱ በተደረገበት ጊዜ በማላዊ በኩል ቼዋና ቱምቡካ በፖለቲካ ጎራ ለይተው በጥርጣሬ ይተያዩ ነበር፤ በዛምቢያ በኩል ግን በአንድ ወገን የሚሰለፉ አጋሮች ነበሩ።

ይህን ልዩነት ለፖለቲካ ሳይንስ አንባቢ ያስተዋወቀው በጊዜው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረው ዳንኤል ፖዝነር ነው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግኝቱን ነው። ከግኝቱ በፊት ያሉት ገጾች ግን፣ ማለትም ተመራማሪው «ለምን እነዚህን አገሮች፣ ለምንስ እነዚህን መንደሮች መረጥሁ» ብሎ ያስረዳባቸው ገጾች፣ ከግኝቱ ያላነሰ ትምህርት አላቸው። በማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚከላከል ተማሪ ላብ የሚያጠምቀው ጥያቄ እዚያ ውስጥ ነውና።

ጥያቄው አጭር ነው። ፈታኙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ለምን እነዚህን ሁለት ጉዳዮች?» ይላል። በተለምዶ የሚሰጡት መልሶች ይታወቃሉ፦ አካባቢውን አውቀዋለሁ፤ ቋንቋውን እችላለሁ፤ መረጃ ይገኛል፤ በጀቱ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። እነዚህ ሁሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ መደበቅም የለባቸውም። ነገር ግን የሚመልሱት የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ተማሪው እንዴት እዚያ እንደደረሰ ይናገራሉ እንጂ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስለ ምክንያትና ውጤት ምን ሊያሳይ እንደሚችል አይናገሩም።

የፖዝነር አካሄድ የሚጀምረው ከአገር ሳይሆን ከክርክር ነው። በዚያን ጊዜ፣ አሁንም እንደሚሰማው፣ የብሔረሰቦች ግጭት የሚመጣው ከባህል ልዩነት ነው የሚል አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት ነበረው። ሁለት ሕዝቦች በቋንቋ፣ በዘር ሐረግ አቆጣጠር፣ በሥርዓተ አምልኮ ሲለያዩ ልዩነቱ ራሱ ወደ ፉክክር ይገፋቸዋል ማለት ነው። ፖዝነር የጠየቀው ይህ ነው፦ እውነት ልዩነቱ ራሱ ነው የሚገፋቸው? ወይስ ልዩነቱ በብዙ ቦታ እያለ አንዳንድ ቦታ ብቻ ፖለቲካ የሚሆንበት ሌላ ምክንያት አለ?

ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው ቦታ ምን ዓይነት እንደሆነ ከጥያቄው ውስጥ ይወጣል። የባህል ልዩነቱ አንድ ዓይነት የሆነበት፣ የፖለቲካው ውጤት ግን የተለያየበት ሁለት ቦታ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ያው ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ ልዩነቱ ብቻውን ውጤቱን አያመጣም ማለት ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ይህን አመክንዮ «የልዩነት ዘዴ» ብሎ ገልጾታል፦ በሁሉም ነገር የሚመሳሰሉ፣ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሁኔታዎች ተገኝተው ውጤታቸው ከተለያየ፣ ምክንያቱ ያቺ አንድ ነገር ናት። በፖለቲካ ሳይንስ ደግሞ አዳም ፕርዜቮርስኪና ሄንሪ ቲዩን እ.ኤ.አ. በ1970 እንዲህ ያለውን ንጽጽር እጅግ የሚመሳሰሉ ሥርዓቶች ንድፍ ብለውታል። ዛሬ በየመመረቂያ ጽሑፉ የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ስሙ ይጠቀሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከስሙ አያልፍም። ሚል ራሱ ዘዴው ለማኅበራዊ ጉዳዮች እንደማይመች አስጠንቅቆ እንደነበር የሚያስታውሱ ደግሞ ጥቂቶች ናቸው። ሁለት አገሮች በአንድ ነገር ብቻ ተለያይተው አያውቁምና ስጋቱ ትክክል ነበር። ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

የፖዝነር የመጀመሪያ ምርጫ ሕዝቦቹን አንድ ማድረግ ነው። አንድ ተመራማሪ በማላዊ ቼዋና ቱምቡካን፣ በሌላ አገር ደግሞ ሌሎች ሁለት ብሔረሰቦችን ቢያነጻጽር ኖሮ፣ ተቺው «የእነዚያ ልዩነት ምናልባት ከእነዚህ ይበልጥ ሰፊ ይሆናል» ለማለት በሩ ክፍት ነበር። የባህልን ስፋት የሚለካ ሚዛን የለም። ያው ሁለቱ ሕዝቦች በሁለቱም አገር ሲወሰዱ ግን ሚዛን መፈለግ ይቀራል።

ሁለተኛው ምርጫ ድንበሩ ነው። ድንበር ሁሉ እኩል አይጠቅምም። ድንበሩ የተሠመረው ነዋሪዎቹ ቀድሞውንም ስለሚለያዩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ተስማምተው የሚኖሩት በአንድ ወገን፣ የማይስማሙት በሌላው እንዲሆኑ ተደርጎ ከሆነ፣ ከድንበሩ ግራና ቀኝ የሚታየው ልዩነት የድንበሩ ውጤት መሆኑ ቀርቶ መነሻው ይሆናል። ስለዚህ የድንበሩን ታሪክ ማገላበጥ የግድ ነው። የማላዊና የዛምቢያ መስመር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በብሪታንያ ደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ዘመን፣ ለአስተዳደር ምቾት ሲባል የውኃ መክፈያውን ተከትሎ የተሠመረ ነው። ማን የት እንደሚኖር የተጠየቀ አልነበረም፤ ቼዋውንም ቱምቡካውንም ለሁለት ቆርጦ ሄደ። በተጨማሪም ሁለቱም ወገኖች በብሪታንያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ቆዩ፤ ሁለቱም አገሮች እ.ኤ.አ. በ1964 ነፃ ወጡ። ልዩነቱ የፈረንሳይና የእንግሊዝ አስተዳደር ልዩነት ነው የሚል ተከራካሪ እዚህ ላይ መሬት አያገኝም።

ሦስተኛው ከአገር ወደ መንደር መውረድ ነው። ፖዝነር በዋና ከተሞቹ፣ በሉሳካና በሊሎንግዌ፣ ሰው አነጋግሮ ቢያነጻጽር ኖሮ የከተማ ኑሮ፣ የገቢ፣ የትምህርት ልዩነት ሁሉ ተጨምሮ ይገባ ነበር። እሱ ግን ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ፣ በጥቂት ማይሎች ብቻ የሚራራቁ የገጠር መንደሮችን ወሰደ። አንዱ ጥንድ የቼዋ መንደሮች ነው፤ አንዱ በማላዊ፣ አንዱ በዛምቢያ። ሌላው ጥንድ የቱምቡካ ነው፤ እንዲሁ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። የአየሩ ጠባይ፣ አፈሩ፣ የሚዘራው እህል፣ ከመንግሥት መቀመጫ የመራቁ ነገር በጥንዱ ውስጥ ይቀራረባል።

አራት መሆናቸው በዘፈቀደ አይደለም። የቼዋ ጥንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የማላዊ ቼዋዎች ቱምቡካን የሚጠሉት በሥልጣን ላይ የቆዩት እነሱ ስለሆኑ ነው፣ የሌላው ወገን ስሜት ግን አይታወቅም የሚል ቀዳዳ ይቀር ነበር። ሁለት ጥንድ ሲሆን ስሜቱ ከሁለቱም አቅጣጫ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጣው እርምጃ ብዙ ተማሪዎች የሚዘሉት ነው። ፖዝነር የባህሉ ልዩነት በድንበሩ ወዲህና ወዲያ አንድ ነው ብሎ በመገመት አላለፈውም፤ ጠየቀ። መልስ ሰጪዎቹ ሁለቱ ሕዝቦች በምን እንደሚለያዩ ሲነግሩት በማላዊም በዛምቢያም የሚመጣው መልስ ያው ነበር። ቼዋዎች ኒያው የተባለውን የጭንብል ጭፈራ ይጨፍራሉ፤ ቱምቡካዎች ደግሞ ቪምቡዛ። ቱምቡካ ሚስት ሲያገባ ጥሎሹ ከብት ነው፤ የቼዋ ግን ለይስሙላ ያህል ዶሮ ናት። ቱምቡካ ዘሩን በአባት ሲቆጥር፣ ቼዋ በእናት ይቆጥራል። አንድ ነው የተባለው ነገር አንድ መሆኑ በመረጃ ታየ፤ «አገሮቹ ይመሳሰላሉ» ብሎ ጽፎ ማለፍና ይህን ማድረግ ሰፊ ልዩነት አላቸው።

ውጤቱ ሲታይ በአራቱ መንደሮች የተጠየቁት ሰዎች በጠቅላላው ሁለት መቶ አይሞሉም፤ ልዩነቱ ግን ለማየት አያስቸግርም። ከሌላው ብሔረሰብ ለሚመጣ የፕሬዚዳንት ዕጩ ድምፅ አልሰጥም ያሉት በማላዊ በኩል ከ10 ሰዎች 6 ያህል ሲሆኑ፣ በዛምቢያ በኩል 2 ያህል ነበሩ። ከሌላው ብሔረሰብ ሰው አላገባም ያሉትም በማላዊ ከግማሽ በላይ፣ በዛምቢያ ሩብ ገደማ ናቸው።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? የፖዝነር መልስ የቁጥር ነው። በጥናቱ ጊዜ ማላዊ ውስጥ ቼዋዎች ከሕዝቡ 28 በመቶ፣ ቱምቡካዎች 12 በመቶ ያህል ነበሩ። ሥልጣን ለሚፈልግ ፖለቲከኛ ሁለቱም ለመነሻ የሚበቁ ቡድኖች ናቸው፤ ስለዚህ ቡድኑን ለመቀስቀስና ከሌላው ለመለየት ምክንያት አለው። ዛምቢያ ውስጥ ግን ቼዋው 7፣ ቱምቡካው 4 በመቶ ያህል ነበር። በዚህ ቁጥር ማንም የትም አይደርስም። እዚያ ፖለቲካው የሚሰለፈው በቤምባ፣ በቶንጋ፣ በሎዚና በኒያንጃ ተናጋሪነት ሰፋፊ ጎራዎች ስለሆነ፣ ቼዋና ቱምቡካ ሁለቱም የምሥራቁ ሰዎች ተብለው በአንድ ጎራ ይገባሉ። ባህላቸው አልተቀራረበም፤ መለያየታቸው የሚጠቅመው ሰው ጠፋ እንጂ።

የዘዴ ክፍሉን የሚጽፍ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያስገባዋል። ደካማው አጻጻፍ እንዲህ ይሆን ነበር፦ «ጥናቱ ማላዊንና ዛምቢያን መርጧል፤ ሁለቱም ጎረቤታሞች፣ የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶችና በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ስለሆኑ ለንጽጽር ይመቻሉ።» እዚህ ላይ ውሸት የለም። ግን መመሳሰሎቹ ለምን እንደተቆጠሩ አይታወቅም። ሁለቱ አገሮች ወደብ አልባ መሆናቸውም ሊጨመር ይችል ነበር፤ ሊቀነስም ይችላል፤ ክርክሩ አይነቃነቅም።

የጠነከረው አጻጻፍ እያንዳንዱን መመሳሰል ከሚዘጋው ተፎካካሪ ማብራሪያ ጋር ያስራል፦ «የባህል ልዩነት ስፋት ውጤቱን ያመጣው እንዳይሆን ያው ሁለት ብሔረሰቦች በሁለቱም አገር ተወስደዋል። የቅኝ አገዛዝ ዓይነት እንዳይሆን ሁለቱም በብሪታንያ ሥር የቆዩ አገሮች ተመርጠዋል። ነዋሪዎቹ ቀድሞም ተለያይተው እንዳይሆን ድንበሩ ያለ ነዋሪው ግምት የተሠመረ መሆኑ በታሪክ መዛግብት ተጣርቷል። ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩበት፣ ይህ ጥናት የሚፈትሸው ነገር የብሔረሰቦቹ አንጻራዊ ብዛት ነው።» ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለዚህ መጣጥፍ ማሳያ እንዲሆን ነው እንጂ የፖዝነር ቃል አይደለም። አንባቢው ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ አንድ ጥርጣሬ ሲወድቅ ያያል፤ ያልወደቀው ጥርጣሬ የትኛው እንደሆነም ያውቃል። የመጨረሻው ጥቅም በተለይ አይናቅም። ተቺው በጨለማ ከመደናበር ይልቅ ወደ ክፍቱ ቦታ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና።

ፖዝነር ወደ ማላዊ ብቻ ቢሄድስ ኖሮ? ይህን መጠየቅ ወደ ሌላ ዝነኛ ጽሑፍ ይወስዳል። ባርባራ ጌዲስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመችው መጣጥፍ ዋና ሐሳብ የምትመርጣቸው ጉዳዮች የምታገኘውን መልስ ይወስናሉ የሚል ነው። ከምሳሌዎቿ አንዱ የምሥራቅ እስያ ዕድገት ነበር። ታይዋን፣ ደቡብ ኮሪያና ሲንጋፖር በፍጥነት ሲያድጉ ያዩ አጥኚዎች እነዚህን አገሮች ብቻ እያገላበጡ በየአንዳንዱ የታፈነ የሠራተኛ ማኅበር አገኙ፤ ሠራተኛን ማፈን ለዕድገት ይረዳል ወደሚል ድምዳሜም አዘነበሉ። ጌዲስ ያደረገችው ያላደጉትንም መጨመር ነው። በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ሰፋ ብለው ሲታዩ ግንኙነቱ ጠፋ፤ ሠራተኛን አፍነው ያላደጉ አገሮች በሽ ነበሩ። ሎተሪ የወጣላቸውን ሰዎች ብቻ ሰብስቦ ጠዋት ምን እንደበሉ የሚጠይቅ ሰው፣ አብዛኛው ሽሮ በልቶ ቢያገኝ ሽሮ ዕጣ ያወጣል ሊል ነው።

በማላዊ ብቻ የቆመ ጥናትም እንዲሁ ይሆን ነበር። አጥኚው የተለያዩ ጭፈራዎችን፣ የተለያየ ጥሎሽን፣ የተለያየ የዘር ሐረግ አቆጣጠርን ያያል፤ ግጭቱንም ያያል፤ አንዱን ከሌላው ያያይዛል። ሰዎቹ ራሳቸው «እኛኮ በዚህ በዚህ ስለምንለያይ ነው» ብለው ይነግሩታል። ዛምቢያ ካልታየች ይህን የሚያፈርስ ምንም ነገር የለም። ስለዚህ አንድን የዘዴ ክፍል የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው ውጤቱ ያልተከሰተበት ጉዳይ አለ ወይ የሚለውን ነው። የአብዮት ጥናት አብዮት ያልፈነዳበት አገር፣ የግጭት ጥናት ሰላም የሰፈነበት ወረዳ ከሌለው ምክንያት ስለማግኘቱ በጥንቃቄ መናገር አለበት። ውጤቱ የተከሰተባቸውን ብቻ ማጥናት አንዳንዴ ተገቢ ነው፤ ነገሩ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሄደ ለማየት ወይም አንድ ሁኔታ ለውጤቱ የግድ አስፈላጊ መሆኑን ለመፈተሽ ይጠቅማል። ደራሲው ግን የሚሠራው ያንን መሆኑን ማወቅና ማሳወቅ አለበት።

አሁን ወደ ሚል ስጋት። በማላዊና በዛምቢያ ድንበር የሚለወጠው የብሔረሰቦቹ ብዛት ብቻ ነው? አይደለም። የአገሩ ፕሬዚዳንት ይለወጣል፣ ሬዲዮው ይለወጣል፣ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ይለወጣል። የማላዊው ሄስቲንግስ ካሙዙ ባንዳ አገሪቱን ለሦስት ዐሥርት ዓመታት እንደ ግል ርስቱ ገዛ። ራሱን ቼዋ አድርጎ ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ቺቼዋ ብሔራዊ ቋንቋ ሲሆን ቺቱምቡካ ከሬዲዮ ወጣ። ዋና ከተማው ከደቡቡ ዞምባ ወደ ማዕከላዊው ክልል ሊሎንግዌ ተዛወረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በሌሎች ክልሎች የሚያስተምሩ የሰሜን ተወላጅ መምህራን ወደ ትውልድ ቦታቸው እንዲመለሱ ታዘዘ። በዛምቢያ ኬኔት ካውንዳ እንዲህ ያለ የአንድ ብሔረሰብ ባህል ግንባታ አላካሄደም። ታዲያ ቱምቡካው ቼዋን የጠላው ቁጥሩ በዝቶ ነው ወይስ ባንዳ በድሎት?

ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ ለዚህ ጸሐፊ የንድፉ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። ፖዝነር ራሱ ተቃውሞውን አንስቶ ተከራክሮበታል። በእሱ አስተሳሰብ አንድ መሪ የራሱን ብሔረሰብ መሠረት አድርጎ አገር ለመግዛት የሚመቸው ብሔረሰቡ ለዚያ የሚበቃ ሲሆን ነው፤ 7 በመቶ በሆነ ቡድን ላይ ያን ዓይነት ፖለቲካ ለመገንባት የሚነሣ መሪ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ የባንዳ ፖሊሲ ከቁጥሩ ጋር የሚፎካከር ምክንያት ሳይሆን ቁጥሩ ያለፈበት መንገድ ነው። አሳማኝ ነው፤ ሆኖም በአራት መንደሮች ንጽጽር ብቻ ሊረጋገጥ አይችልም። ሁለት አገሮች ብቻ ሲኖሩ፣ ከቁጥሩ ጋር አብሮ የተለወጠውን ነገር ሁሉ ከቁጥሩ መለየት በአመክንዮ የማይቻል ነው።

ለዚህ የሚታወቀው መድኃኒት ወደ እያንዳንዱ ጉዳይ ውስጥ ገብቶ ሂደቱን መከተል ነው። ቁጥሩ ነው የሚለው ማብራሪያ ትክክል ከሆነ ባንዳ ከሄደ በኋላም ጎራው መቀጠል አለበት። የማላዊ የመጀመሪያው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ በ1994 ሲደረግ ባንዳ ተሸነፈ፤ አሸናፊው የደቡቡ ሰው ባኪሊ ሙሉዚ ነበር። ግን ድምፁ በክልል ተሰነጠቀ፦ ማዕከሉ ለባንዳ፣ ደቡቡ ለሙሉዚ፣ ሰሜኑ ለራሱ ሰው ለቻኩፍዋ ቺሃና። በዳይ የተባለው ከመንበሩ መውረዱ ሰልፉን አላፈረሰውም። ይህ የቁጥሩን ማብራሪያ ያግዛል። ተቃዋሚው ግን የሠላሳ ዓመት ቁስል በአንድ ምርጫ አይሽርም ሊል ይችላል፤ እሱም መልስ አለው። የዘዴው ክፍል በዚህ ረገድ ማድረግ ያለበት ይህን የሂደት ምርመራ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው፦ የእኔ ማብራሪያ ትክክል ከሆነ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ቦታ ይህን ማየት አለብን፤ ተፎካካሪው ትክክል ከሆነ ደግሞ ያንን።

በዚያው በ2004 ኤድዋርድ ሚጌል የተባለ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ተመሳሳይ ንድፍ ይዞ ወደ ሌላ ድምዳሜ ደርሷል። ያነጻጸረው በምዕራብ ኬንያ ያለችውን ቡሲያና በታንዛኒያ ያለችውን ሜአቱን ነው። በቡሲያ ብሔረሰቦች በተቀላቀሉበት አካባቢ ለትምህርት ቤት የሚዋጣው ገንዘብ ያንሳል፤ በሜአቱ እንዲህ ያለ ችግር አልታየም። ሚጌል ምክንያቱን ያገኘው በቁጥር ሳይሆን በጁሊየስ ኔሬሬ የአገር ግንባታ ፖሊሲ ነው፤ ኪስዋሂሊ በየትምህርት ቤቱ መስፋፋቱ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ብሔራዊ ማንነትን ማጠንከሩ። ሁለቱ ደራሲዎች የግድ አይጋጩም፤ የተለያየ ውጤት ነው የለኩት። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን አንድ ነገር ይታያል፦ የአገር ድንበር አንድ ነገር ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ከጥቅሉ ውስጥ የትኛውን እንደመዘዘ ማሳየት የደራሲው ዕዳ ነው።

«ለምን ሞዛምቢክስ አልተጨመረችም?» የሚለው ሌላው የፈታኝ ጥያቄ ነው። ቼዋዎች እዚያም አሉ። ሦስተኛ ጉዳይ መጨመር ሁልጊዜ ጥናቱን የሚያጠናክር ይመስላል፤ እዚህ ላይ ግን ያላላዋል። ሞዛምቢክ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከነፃነት በኋላም እስከ 1992 የቆየ የርስ በርስ ጦርነት አልፎባታል። እሷን ማስገባት ከፍ ሲል በጥንቃቄ የተዘጉትን በሮች መልሶ መክፈት ነው። ስለዚህ የተተወውን ጉዳይ በስሙ ጠርቶ ለምን እንደተተወ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስፈልጋል።

እንዲህ ዓይነቱን ንድፍ ያነበበ የኢትዮጵያ ተማሪ ዓይኑ ወደ ሞያሌ መሄዱ አይቀርም። ከተማዋ በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ተከፍላለች፤ ቦረናዎች በሁለቱም ወገን አሉ። አንድ ሕዝብ፣ ሁለት መንግሥት፤ ላይ ላዩን ሲታይ የፖዝነር ንድፍ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ይመስላል። የድንበሩ ታሪክ ሲገለጥ ግን ሁለት ችግር ይመጣል። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በኢትዮጵያና በብሪታንያ መካከል የተደረገው ስምምነት ነዋሪውን ጨርሶ አልዘነጋም። በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሳዎች እንደቀድሞው በግጦሹና በጉድጓዶቹ እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል። ይህ በኮረብታ ራስ ላይ ያለ ነዋሪው ግምት ከተሠመረው መስመር ጋር አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ በዚሁ ምክንያት ሰውም ከብትም ወሬም ሲሻገር ኖሯል። ንጽጽሩ የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ሲቆሙ ነው፤ በኬንያ በኩል የሚሆነው በኢትዮጵያ በኩል ያለውን ሰው አስተሳሰብ ከለወጠው፣ ሁለት ጉዳዮች አሉ ተብሎ የተቆጠረው አንድ ተኩል ይሆናል። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ያለው የታሪክ ልዩነትም ሰፊ ነው፦ አንዱ ቅኝ ያልተገዛ፣ አብዮት ያካሄደ፣ ከ1991 በኋላ በብሔር የተዋቀረ ፌዴሬሽን፤ ሌላው የብሪታንያ ቅኝ ግዛት የነበረ። በፖዝነር ንድፍ ዝግ የነበረው በር ሁሉ እዚህ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ይህ ሞያሌን ለጥናት አይረባም አያሰኝም፤ ንድፉ መለወጥ አለበት ነው። ከድንበሩ አጠገብ ካሉት ሁለት ቀበሌዎች በተጨማሪ በእያንዳንዱ አገር ከድንበሩ ራቅ ያለ አንድ አንድ የቦረና አካባቢ መጨመር አንዱ መንገድ ነው። በኢትዮጵያና በኬንያ ቦረናዎች መካከል የሚታየው ልዩነት በድንበሩ ጠርዝ ጠባብ ሆኖ ወደ መሐል አገር ሲገባ እየሰፋ ከሄደ፣ መሻገሩ ልዩነቱን እያለዘበው መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ነው። ጠርዙም መሐሉም እኩል ከሆኑ መሻገሩ ብዙም አልሠራም ማለት ነው። ርቀቱ ግን ሌሎች ነገሮችንም፣ ዝናቡን፣ ገበያውን፣ አጎራባች ብሔረሰቦችን፣ ይዞ ስለሚለወጥ፣ ተማሪው ራቅ ያሉትን አካባቢዎች በነዚህ ነገሮች ከጠርዙ ጋር የሚቀራረቡ አድርጎ መምረጥና ያንንም ከመረጃው ጋር በዘዴ ምዕራፉ ማስፈር ይኖርበታል።